የባህል ኢንዱስትሪ፣ የወሎ ዘፈንና ስትሪሚንግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ሲሰባሰቡ ወሬው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ይደርሳል። «አሁን የሚወጣው ዘፈን ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ?» ይባላል። አንዱ ዘፋኙን ይወቅሳል፤ ሌላው አድማጩን። የፍራንክፈርት አሳቢዎች ለዚህ ጥያቄ ከሰማንያ ዓመት በፊት ሌላ መልስ ሰጥተዋል። እነሱ የሚያዩት ዘፈኑ የሚሠራበትንና የሚከፋፈልበትን መንገድ ነው። ከዚህ በታች ስለዚያ ትችት በየጊዜው የምጠየቃቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። ምሳሌዬ በአብዛኛው የወሎ ዘፈን ነው፤ የማውቀውም የምሳሳለትም እሱን ስለሆነ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የባህል ኢንዱስትሪ» የሚለው ሐሳብ የማን ነው? ምንስ ይላል?

የቴዎዶር አዶርኖና የማክስ ሆርክሃይመር ነው። ሁለቱም ፍራንክፈርት ከተማ ላይ በ1923 በተቋቋመው የማኅበራዊ ምርምር ተቋም ውስጥ ሠርተዋል። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ተቋሙን ዘጉት፤ ተመራማሪዎቹም ተሰደዱ። አዶርኖና ሆርክሃይመር ዞረው ዞረው ሎስ አንጀለስ ገቡ፤ የሆሊውድ ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው። እዚያ ሆነው የጻፉት መጽሐፍ በ1944 በጥቂት ቅጂ ተባዝቶ ወጣ። በ1947 ደግሞ አምስተርዳም ላይ ታተመ። የባህል ኢንዱስትሪን የሚተቸው ከመጽሐፉ ምዕራፎች አንዱ ነው።

ክርክራቸው እንዲህ ነው። ፊልሙ፣ ሬዲዮውና መጽሔቱ አንድ ላይ የተሳሰረ ሥርዓት ሆነዋል። ሥራው ገና ሳይጀመር ምን እንደሚሸጥ ታስቦበታል። ከሕዝቡ የፈለቀ ይመስላል እንጂ ከላይ ተዘጋጅቶ የወረደ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ የሚፈልገው የማያደክመውን ነገር ነው። ያን ያውቃሉ፤ የማያደክመውን ያቀርቡለታል። ሰውየው ከሥራ ያመለጠ ይመስለዋል። ነገር ግን የሚዝናናበት ነገር ራሱ እንደ ሥራው የተደጋገመ ነው፤ ነገ ተመልሶ እንዲሠራ ያዘጋጀዋል።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ» የሚለው ስሜት ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አዶርኖ በ1941 ስለ አሜሪካ የሬዲዮ ዘፈኖች አንድ ረጅም ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት በአንድ ትልቅ የሬዲዮ ጥናት ውስጥ ሠርቷል፤ ስለዚህ ነገሩን ከውስጥ ያውቀዋል። ጽሑፉ ሁለት ነገሮችን ይለያል።

የመጀመሪያው ወጥነት ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የአሜሪካ ተወዳጅ ዘፈን አካሉ 32 ባር፣ ማለትም 32 እኩል የምት ክፍሎች፣ ነበረ። ድምፁ የሚወጣበትና የሚወርድበት ርቀት የተወሰነ ነበረ። ዋናው ዜማ የት እንደሚመለስ አድማጩ ሳይነገረው ያውቃል። ዜማ ደራሲው ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ የዘፈኑ ቅርጽ አልቋል።

ሁለተኛው የይስሙላ ልዩነት ነው። ሁሉም ዘፈን አንድ ከሆነ ማንም አይገዛም። ስለዚህ ላይ ላዩ ላይ ልዩነት ይጨመራል፦ አንድ የተለየ መሣሪያ፣ አንድ የድምፅ አጣጣል፣ አንድ ልብስ። ልዩነቱ አድማጩ «ይሄ አዲስ ነው» እንዲል ያህል ብቻ ነው። አካሉን አይነካም። ሁለቱ ደግሞ አብረው ነው የሚሄዱት፤ ወጥነቱ በጠነከረ ቁጥር ላይ ላዩን መቀባባቱም ይብሳል።

ይህን በወሎ ዘፈን ላይ አሳየን።

አንድ የአምባሰል ዘፈን እንከተል። የአንድ የተወሰነ ዘፋኝ ታሪክ አይደለም። ብዙ ዘፈኖች የሚያልፉበትን መንገድ ለማሳየት ያሰናዳሁት ምሳሌ ነው።

መነሻው አዝማሪው ነው። ማሲንቆውን ይቃኛል። መጀመሪያ ያለ ምት፣ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን እየጎተተ ቅኝቱን ያሳያል። አንዳንዴ ይሄ ብቻውን ደቂቃዎች ይወስዳል። ከዚያ ግጥሙ ይመጣል። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜምለታል። ስንኙ ስለዚያ ሰው ነው፤ ስለ ሐዘኑ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ኑሮው። አንዳንዴ ሰሙ ፍቅር ሆኖ ወርቁ ስለ ሹሙ ይሆናል። ዘፈኑ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

አሁን ይህ ዜማ ስቱዲዮ ይግባ። መጀመሪያ የሚወሰነው ርዝመቱ ነው፤ አራት ደቂቃ አካባቢ። የማሲንቆው መግቢያ ወደ ጥቂት ሰከንድ ያጥራል። ቀጥሎ ምቱ ነው። አቀናባሪው ኮምፒውተሩ ላይ ከበሮ ይዘረጋል፤ ምቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። ያ እየተጎተተ የሚሄድ ድምፅ በምቱ ልክ መቆረጥ አለበት። ከዚያ ቃናው ነው። ማሲንቆ ላይ ጣት ጭራው ላይ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያለ የሚያወጣው ድምፅ አለ። ኪቦርዱ እንዳለ ሲመታ ያን ድምፅ አያገኘውም፤ በሁለት ቁልፎች መሃል ይቀራል።

በመጨረሻ ግጥሙ። ገጣሚው ማን እንደሚሰማው አያውቅም። አዲስ አበባም ይሰማል፣ ጅዳም ይሰማል፣ ዋሽንግተንም ይሰማል። ስለዚህ ለማንም የሚሆን ይጽፋል፦ ናፍቆት፣ ቁንጅና፣ የአገር ስም። ሹሙም ጎረቤቱም ከግጥሙ ይወጣሉ። ስንኞቹ አልቀው ገብተዋል፤ «ተቀበል» የሚል ሰው ቦታ የለውም።

ከዚያ ክሊፕ ይቀረጻል። ሐይቅ ይታያል፣ የጦሳ ተራራ ይታያል። የአገር ልብስ የለበሱ ወጣቶች ይጨፍራሉ። የአዶርኖ የይስሙላ ልዩነት እዚህ ጋ በግልጽ ይታያል። በድምፁ ውስጥ የነበረው ወሎነት ተቀንሶ ወደ ምስሉና ወደ ቦታ ስሞቹ ሄዷል። ምስሉን ዘግታችሁ፣ የቦታ ስሞቹን በሌላ ክፍለ ሀገር ስም ቀይራችሁ አስቡት። ዘፈኑ ምንም ሳይቸገር የዚያ አገር ዘፈን ይሆናል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ክፉ ሰው የለም። አቀናባሪው ሥራውን ያውቃል፤ ገጣሚውም ይለፋል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው። ትችቱ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ውሳኔዎቹን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፋ ነገር አለ።

ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም ራሳቸው ቀመር አይደሉም ወይ?

ከሁሉም ጥያቄዎች የምወደው ይህን ነው። ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይመለስም።

እውነት ነው፤ አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተወሰነ መልክ አላቸው። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው። ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው የገበያ ከተማ ናት፣ አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን ያለው ተራራማ አገር። አዝማሪ ቅኝት አይፈለስፍም፤ የተረከበውን ይጫወታል። እንግዲህ ድግግሞሽ ኃጢአት ከሆነ የኛ ሙዚቃ ሁሉ ኃጢአተኛ ነው።

ነገር ግን አዶርኖ የሚቃወመው የተወሰነ ቅርጽ መኖሩን አይደለም። እሱ የሚወዳቸው የአውሮፓ ክላሲካል ሥራዎችም የተወሰነ ቅርጽ ነበራቸው። መለኪያው በክፍሉና በሙሉው መካከል ያለው ግንኙነት ነው። በጥሩ ሥራ አንዱን ክፍል ብታወጡ ሙሉው ይጎዳል። በፋብሪካ ዘፈን ግን ክፍሎቹ እንደ መለዋወጫ ናቸው፤ አንዱን አውጥታችሁ የሌላ ዘፈን ክፍል ብታስገቡ ማንም ልብ አይልም። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስታዜም ያዳመጠ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ድምፁን የምትይዝበትና የምትለቅበት ቦታ ከቃሉ ጋር የተያያዘ ነው። ሌላ ቃል ብታስገቡበት አይሆንም።

ሌላም አለ። አዶርኖ በ1963 በሬዲዮ ባደረገው ንግግር የባህል ኢንዱስትሪ ከፍተኛውንም የሕዝቡንም ጥበብ በግድ አጋብቶ ሁለቱንም ይጎዳል ይላል። የሕዝቡ ጥበብ የሚጎዳው፣ ቁጥጥሩ ሙሉ ባልነበረበት ጊዜ በውስጡ የነበረውን እምቢተኝነት ስለሚያጣ ነው። ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ ሰምና ወርቅ ነው። አዝማሪው በጌታው ፊት ቆሞ፣ የጌታውን ጠጅ እየጠጣ፣ ጌታውን መውጋት ይችል ነበር። ከላይ ባየነው ምሳሌ ትልቁ ኪሳራ ለእኔ ኪቦርዱ ወይም የኮምፒውተሩ ከበሮ አይደለም። ሹሙ ከግጥሙ የወጣ ጊዜ ነው ትልቁ ነገር የጠፋው።

ይህን ስል ድሮ ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም። አዝማሪም በሽልማት ነው የሚኖረው። ገንዘብ ላለው ያወድሳል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ልክ ያወድሳል። በደርግ ዘመን ደግሞ የኪነት ቡድኖች ነበሩ፤ በወሎም ላሊበላ የሚባለው ቡድን ነበረ። የአገሩ ዜማ ለመድረክ ሲባል ማጠርና መስተካከል የጀመረው ስልክ ከመምጣቱ ብዙ በፊት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሸላሚው አዝማሪው ፊት ተቀምጧል። ይታወቃል፣ ይወደሳል፣ ይሰደባልም። ገንዘቡ የዘፈኑን ርዝመትና ቅርጽ አስቀድሞ አልወሰነም።

ወሎ ውስጥ ምን ኢንዱስትሪ አለ? ስቱዲዮው አንድ ክፍል ነው፤ ሠራተኛው አንድ ሰው።

አዶርኖ ለዚህ አስቀድሞ መልስ አለው። በዚያው የ1963 ንግግር ላይ «ኢንዱስትሪ» ሲባል የግድ ፋብሪካ ማለት እንዳልሆነ ያብራራል። ሥራው በእጅ፣ በአንድ ሰው ሊሠራ ይችላል። ወጥ የሚሆነው በዋነኛነት ማከፋፈያው ነው።

የእኛ አገር ሁኔታ ከዚህ አባባል ጋር ልክክ ይላል። ዘፈኑን የሚሠራው አንድ ልጅ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ማይክራፎን ነው። ማከፋፈያው ግን ዩቲዩብ ነው፣ ቲክቶክ ነው፣ ስፖቲፋይ ነው። ሕጉ ደሴ አይወጣም፤ አዲስ አበባም አይወጣም። ሕጉ ሲቀየር የልጁ ዘፈን ይቀየራል። በካሴት ዘመን ቢያንስ ሙዚቃ ቤቱን ሄደህ ታናግረው ነበር።

ስትሪሚንግ ከሬዲዮና ከካሴት ምን የተለየ ነገር አመጣ?

ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ፤ አንዱ ስለ ጊዜ፣ አንዱ ስለ ገንዘብ።

ካሴት የገዛ ሰው ገንዘቡን አንዴ ከፍሏል። ቤቱ ገብቶ ቢሰማው ባይሰማው ለዘፋኙ ለውጥ የለውም። ስትሪሚንግ ግን የሚቆጥረው መስማቱን ነው። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን እንደተሰማ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲደመጥ ነው። 29ኛው ሰከንድ ላይ ያለፈው ሰው እንዳልሰማ ነው። ዩቲዩብም ከ2012 ጀምሮ ቪዲዮ ሲያቀርብልን ሰው ስንት ጊዜ እንደከፈተው ብቻ ሳይሆን ስንት ደቂቃ እንደቆየበት ይመዝናል። እንግዲህ ያን የማሲንቆ መግቢያ አስቡት። አድማጩ 30 ሰከንድ እስኪሞላ ቅኝቱ ገና አልተገለጠም፤ ጣት ግን ወደሚቀጥለው ዘፈን ሄዷል። አቀናባሪው ይህን ስለሚያውቅ አዝማቹን ወደ ፊት ያመጣዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉንም ነገር ስትሪሚንግ ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም። አንድ ተመራማሪ ከ1986 እስከ 2015 አሜሪካ ውስጥ ከተወዳጅ አሥሮቹ ተርታ የገቡ ዘፈኖችን መርምሮ ነበር። ዘፋኙ ማዜም ከመጀመሩ በፊት ያለው የሙዚቃ መግቢያ በአማካይ ከ20 ሰከንድ በላይ የነበረው ወደ 5 ሰከንድ አካባቢ ወርዷል። የጥናቱ ዘመን አብዛኛው ከስትሪሚንግ በፊት ነው። ሬዲዮ ጣቢያ መቀየርም፣ ሲዲ ላይ ዘፈን መዝለልም አስተዋጽኦ አላቸው። ስትሪሚንግ የነበረውን ግፊት በሰከንድ ቆጥሮ ከክፍያ ጋር አሰረው።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ። ብዙ ሰው የሚያስበው «እኔ ወርሃዊ ክፍያ ስከፍል ገንዘቤ ለምሰማው ዘፋኝ ይሄዳል» ብሎ ነው። በተለመደው አሠራር እንዲያ አይደለም። የሁሉም ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በአጠቃላይ የማድመጥ ብዛት ይከፋፈላል። በትንሽ ቁጥር እንየው። ሁለት አድማጭ ብቻ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ 100 ብር ይከፍላል። አንደኛው ቀኑን ሙሉ ስልኩን ከፍቶ የጭፈራ ዘፈን በወር 900 ጊዜ ያጫውታል። ሁለተኛዋ አንድ የባቲ ተጫዋች ብቻ ነው የምትሰማው፤ 100 ጊዜ። ቋቱ ውስጥ 200 ብር አለ። የባቲው ተጫዋች ድርሻ ከ1,000 ውስጥ 100፣ ማለትም አንድ አሥረኛ ነው፤ 20 ብር። ሴትየዋ ከከፈለችው 100 ብር 80ው በሕይወቷ ላልሰማችው ዘፈን ሄደ። ይህ ኩባንያው የራሱን ድርሻ ሳይቆርጥ ነው።

ስለዚህ ሥርዓቱ በጥልቀት ከሚያደምጥ ጥቂት ሰው ይልቅ ሳያደምጥ ለሚያጫውት ብዙ ሰው ያደላል። ልብስ ሲታጠብ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ታክሲ ላይ ሳይረብሽ የሚሄድ ዘፈን ያሸንፋል። አዶርኖ አድማጩ በግማሽ ጆሮ እንዲሰማ ተለማምዷል ብሎ ያማርር ነበር። አሁን ግማሽ ጆሮው ራሱ ዋጋ ወጥቶለታል። በተጨማሪም ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከቋቱ ምንም እንዳይደርሰው አድርጓል። አንድ ሰው በአንድ ወረዳ ብቻ የሚታወቅ የእንጉርጉሮ ዜማ ቀርጾ ቢያስገባ ከዚህ ቁጥር በታች የመቅረቱ ዕድል ሰፊ ነው።

እኔ ግን የምሰማውን ራሴ ነው የምመርጠው። ማን አስገደደኝ?

ማንም አላስገደደህም። አዶርኖና ሆርክሃይመርም በግድ ተጫነ አላሉም። ያሉት ይህን ነው፦ ለሁሉም የሚሆን ነገር ይዘጋጃል፤ የሚዘጋጀውም ማንም እንዳያመልጥ ነው። በ1944ቱ ጽሑፍ ውስጥ የጥናት ድርጅቶች አድማጮችን በገቢያቸው ከፋፍለው በካርታ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም እንደሚቀቡ ይናገራሉ። እያንዳንዱ ሰው ለደረጃው የተመረተውን ዕቃ እንዲመርጥ ይጠበቃል። ባለፉት ሰማንያ ዓመታት ቀለሞቹ በዙ፤ አሁን ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ ቀለም አለ ማለት ይቻላል።

ከኮምቦልቻ አንድ ሰው ስልኩ ላይ አንድ የወሎ ጭፈራ ከፈተ እንበል። አልጎሪዝሙ ያየው ቅኝቱን ወይም ግጥሙን ሳይሆን ይህን ዘፈን የከፈቱ ሰዎች ቀጥለው ምን እንደከፈቱ ነው። እነሱ የከፈቱትን ያቀርብለታል። እሱም ይከፍተዋል። የእሱ መክፈት ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ማስረጃ ይሆናል። ምርጫው የእሱ ነው፤ የሚመርጥበት ዝርዝር ግን ትናንት በተመረጠው ነው የተሠራው። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባውን ለመምረጥ ስሙን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስሙን የሚነግረው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ አጎት፣ ጓደኛ፣ የሠርግ ቤት ጎረቤት።

ይህ ትችት ሕዝቡን መናቅ አይደለም ወይ?

አንዳንዴ ነው። መደባበቅ አያስፈልግም። አዶርኖ ስለ ጃዝ የጻፈው በጣም የተሳሳተ ነው። የሚያውቀው የንግድ ዳንስ ባንዱን ነበር፤ የጥቁር አሜሪካውያንን የፈጠራ ብርታት አልሰማውም። የአዝማሪ ቤት ቢገባ ኖሮም ምን ያህል ይገባው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ወዳጁ ዋልተር ቤንያሚን በዚህ ጉዳይ ከእሱ ይለያል። በ1930ዎቹ አጋማሽ በጻፈው ዝነኛ ጽሑፉ፣ ሥራው በማሽን ሲባዛ አንድ ቦታ ብቻ የመገኘት ግርማውን ቢያጣም ወደ ብዙ ሰው እንደሚቀርብና የሚያጸድቅለትን እንደማይጠብቅ ያሳያል። ሪያድ ወይም ቤሩት ተቀምጣ የአገሯን ባቲ በስልክ የምትሰማ የወሎ ልጅ የቤንያሚን ምስክር ናት። የእሷን እንባ «የይስሙላ» ለማለት የሚያስችል ንድፈ ሐሳብ የለም።

አዶርኖም በስተመጨረሻ ለዝቧል። በ1969 ስለ ትርፍ ጊዜ ባደረገው ንግግር አንድ ጥናት ይጠቅሳል። የኔዘርላንድስ ልዕልት ቢያትሪክስ በ1966 ስታገባ ሠርጉ በየቴሌቪዥኑ ነበር። የፍራንክፈርቱ ተቋም ሰዎችን ሲጠይቅ፣ ሕዝቡ ሠርጉን በጉጉት ቢያይም ትልቅ ፖለቲካዊ ጉዳይ ነው ብሎ አልተቀበለም። ያያሉ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አያምኑም። ከዚህ ተነሥቶ የባህል ኢንዱስትሪው የሰውን ንቃተ ኅሊና ጨርሶ እንዳልያዘው አመነ። ትችቱን አንብበው እዚህ ሳይደርሱ የሚያቆሙ ሰዎች አዶርኖን ካለው በላይ ጨለምተኛ ያደርጉታል።

ስለ ተተረጎሙ ድራማዎችና ስለ ፊልምስ?

ተመሳሳይ ነው፤ አላስረዝመውም። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ቤታችን ገባ። የውጭ ነው የአገር ውስጥ ነው የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈሶበታል። በፍራንክፈርት ዓይን ግን ዋናው ጥያቄ እሱ አይደለም። ክፍሉ የሚቆምበትን ቦታ እዩ። ሁልጊዜ በር ሲከፈት፣ ምስጢር ሊወጣ ሲል ነው። የአገር ውስጡ ተከታታይም እዚያው ጋ ይቆማል። በዩቲዩብ ሲሆን ደግሞ ከ8 ደቂቃ የሚበልጥ ቪዲዮ መሃሉ ላይ ማስታወቂያ ሊያስገባ ይችላል፤ ስለዚህ የአምስት ደቂቃ ወሬ ሲለጠጥ ታያላችሁ።

መንዙማስ? እሱም የባህል ኢንዱስትሪ ውስጥ ገብቷል?

መንዙማ በወሎ የእምነት ጉዳይ ነው። ሐድራ በሚባለው የጸሎት ስብሰባ ላይ የሚባል ነው፤ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል፣ ሌሊቱ ይነጋል። ዋጋው እዚያ በመገኘት ነው። ተቀርጾ በስልክ ሲሰማ ተቀባዩ ወደ አድማጭነት ይለወጣል። ያ ለውጥ ከባድ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሰማው እንደ ዕቃ አይደለም፤ አብሮ ይላል። አንድን ነገር የባህል ኢንዱስትሪ የሚያደርገው መቀረጹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። መንዙማ ላይ የማየው አደጋ መግቢያውን ማሳጠርና በማሽን የተስተካከለ ድምፅ መደራረብ ሲጀመር ነው፤ ያኔ ከላይ ያየነው መንገድ ይደገማል።

አንድ ዘፈን ሲወጣ በዚህ ትችት እንዴት ልመዝነው?

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ክሊፑን ዘግቼ እሰማለሁ። የቦታ ስም ሳይጠራ የየት አገር ዘፈን እንደሆነ ድምፁ ይነግረኛል ወይ? ከዚያ አንዱን ስንኝ አውጥቼ በሐሳቤ የሌላ ዘፈን ስንኝ አስገባለሁ። ዜማው ካልከፋው ግጥሙ መለዋወጫ ነው። ቀጥሎ አዲስ የተባለውን ነገር እፈልጋለሁ። ማሲንቆ ገብቶበት ከሆነ፣ ማሲንቆው የዘፈኑን አካሄድ ይቀይራል ወይስ በተዘረጋው ምት ላይ ለአሥር ሰከንድ ታይቶ ይወጣል? ሁለተኛው ከሆነ ማሲንቆው ጌጥ ነው።

ይህ መለኪያ ዘፈኑን እንድትጠሉ አያደርግም። ሠርግ ላይ የምጨፍርበት፣ መለኪያውን የማያልፍ ዘፈን ሞልቷል። ደግሞም መለኪያው ሊያሳስት ይችላል። ሕዝብ ዘፈን ውስጥ ስንኝ ከዜማ ዜማ መዘዋወሩ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ሦስቱም አንድ ላይ ሲታዩ ነው ልብ ማለት የሚያስፈልገው።

ልጆቹ ቲክቶክ ላይ በላይቭ ሲዘፍኑ ተመልካች ስንኝ ይጽፍላቸዋል። ይህ «ተቀበል» ተመለሰ ማለት አይደለም?

በከፊል አዎ፤ ይህን በማየቴ ደስ ይለኛል። ላይቭ ላይ ክራር ይዞ የተቀመጠ ልጅ ከታች የተጻፈለትን ሁለት ስንኝ አንብቦ ሲያዜም ስቱዲዮው የዘጋው በር ተከፍቷል። ርዝመቱን የወሰነ የለም። ግጥሙ ለአንድ ለሚታወቅ ሰው ነው። አንዳንዴ ስለ ኑሮ ውድነትም ይመጣል፤ ሹሙም ይነካል። አዶርኖ ይህን ሊገምት አልቻለም፤ እሱ የሚያውቀው ሬዲዮ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይናገር ነበር።

ሽልማቱን ግን ተከታተሉት። ተመልካቹ በገንዘቡ ሳንቲም የሚባል ነገር ይገዛል፣ ሳንቲሙን ስጦታ አድርጎ ይልካል፤ ኩባንያው ድርሻውን ይቆርጣል። ስጦታ ሲበዛ ላይቩ ሞቀ ይባላል። ስለዚህ ዘፋኙ ስንኙን ትቶ ስም መጥራት ይጀምራል፤ እገሌ እናመሰግናለን፣ እገሊት ንጉሥ ነሽ። ሁለት ሰው ተጋጥሞ በስጦታ ብዛት የሚሸናነፍበት ውድድር ሲመጣ ደግሞ ክራሩ ጭን ላይ ተኝቶ ይቀራል። ማታ አንድ ላይቭ ስትከፍቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንት ስንኝ ተቀበለ፣ ስንት ስም ተጠራ ብላችሁ ቁጠሩ።